ደመወዙ ሽያጩን ሲበላው፦ የምግብ ቤት ፈረቃ ችግርና መፍትሄ

እዚህ የምንነጋገረው ሠራተኛ በወር ደመወዝ ስለሚቀጠርበት ምግብ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሰዓት ለሚከፈለው አስተናጋጅ ገበያው ሲቀዘቅዝ «በቃ ወደ ቤትህ» ማለት ወጪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ግን ረቡዕ ከሰዓት በጊዜ የተሰናበተ ሠራተኛ ምንም አያተርፍልህም፤ የወሩ ደመወዝ ያው ነው። እኛ ጋ ወጪውን የሚያንቀሳቅሱት የእረፍት ቀኑ የት እንደወደቀ፣ ትርፍ ሰዓቱ፣ የዓመት ፈቃዱና የሰው ቁጥሩ ናቸው።

ለስሌት እንዲመች አንድ ቤት እንያዝ። 18 ሠራተኛ አለው፤ 8ቱ አስተናጋጆች ናቸው። አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ነው፤ የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር አንድ ሰው 13,320 ብር ያስወጣል። ሁሉም ተደምሮ በሳምንት ወደ 55,300 ብር ይመጣል። ተመጋቢው ሰኞ 90፣ ማክሰኞ 100፣ ረቡዕ 80፣ ሐሙስ 110፣ ዓርብ 100፣ ቅዳሜ 180፣ እሁድ 160 ነው፤ ባጠቃላይ 820። አንድ ሰው ከቫት በፊት 450 ብር ቢያወጣ የሳምንቱ ሽያጭ 369,000 ብር፣ የደመወዙ ድርሻ 15 በመቶ ይሆናል።

ምልክት፦ ወረቀቱ ላይ ድርሻው ደህና ነው፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማካፈያው፣ ማለትም የሽያጩ ቁጥር ነው። ካሸሩ የቀኑን ጠቅላላ የደረሰኝ ድምር ሰጥቶህ ከሆነ 15 በመቶ ቫትም፣ የምታስከፍል ከሆነ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅም ገብቶበታል። ሁለቱ ሲገቡ 15 የነበረው ድርሻ 12 ገደማ መስሎ ይታያል። ከማሽኑ ሪፖርት ከቫትና ከሰርቪስ በፊት ያለውን ቁጥር ብቻ ውሰድ።

ሌላው ስህተት ድርሻውን በየቀኑ ማስላት ነው። ደመወዙ ቋሚ ስለሆነ ረቡዕ ሁልጊዜ መጥፎ፣ ቅዳሜ ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል። የምግብ ዋጋ ስትጨምርም ፈረቃው ሳይነካ ድርሻው ይወርዳል። በመቶኛውን ለወር መዝጊያ ተወውና በየቀኑ አንድ አስተናጋጅ ስንት ተመጋቢ እንደያዘ ተመልከት።

ምልክት፦ ቅዳሜ ደንበኛ ይማረራል፣ ረቡዕ አስተናጋጅ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ «ለሁሉም እኩል እንዲሆን» ተብሎ በየቀኑ አንድ ሰው ኦፍ መውጣቱ ነው። ስምንት አስተናጋጅ ስድስት ስድስት ቀን ሲሠራ በሳምንት ስምንት ኦፍ አለ። በየቀኑ አንድ፣ ሰኞ ደግሞ ሁለት ኦፍ ቢወጣ ቅዳሜ ሰባት ሰው ይቀራል፤ አንዱ 26 ተመጋቢ ይይዛል። ረቡዕም ሰባት ናቸው፣ ግን አንዱ የሚደርሰው 11 ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲጨንቅ ኦፍ የወጣው ይጠራል፤ በእረፍት ቀን የተሠራ ሰዓት ደግሞ በእጥፍ ይከፈላል። የአንድ ሰዓት ደመወዙ 12,000 ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል 57.70 ብር ገደማ ነው። ሁለቱ ቀናት 16 ሰዓት ናቸው፣ 1,846 ብር።

ኦፉን እንዲህ አዛውረው፦ ረቡዕ ሦስት፣ ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ አንድ አንድ፣ ቅዳሜና እሁድ ምንም። አሁን ረቡዕ አምስት ሰው 16፣ 16 ተመጋቢ ይይዛል፤ ቅዳሜ ስምንቱም ስላሉ 22 ወይም 23 ይደርሳቸዋል። አንድ ሰው አልቀጠርክም፣ ጥሪውም ቀረ። ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም፣ በተለይ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሚሄዱት። ለእነሱ እሁድ የከሰዓቱን ፈረቃ ስጣቸው እንጂ ኦፉን አትመልሰው።

ምልክት፦ ግምቱ ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ይበላሻል

የተለመደው መንገድ ያለፉትን አራት ተመሳሳይ ቀናት መውሰድ፣ ሠርግ ወይም በዓል ያዛባውን ማውጣት፣ የቀረውን ማማከል ነው። ይህ ጾም ሲገባና ሲወጣ አይሠራም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚገባበት ቀንም በየዓመቱ ይለያያል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ስታወጣ በቀን መቁጠሪያ ቀን ሳይሆን «ከፋሲካ ስንት ሳምንት በፊት» ብለህ አውጣ። ፍልሰታ ግን ነሐሴ 1 ስለሚገባ የአምናው ቀን ይበቃል።

የተመጋቢው ብዛት ብቻ አይደለም የሚለወጠው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙት ምሳቸውን ስለሚያዘገዩ ሕዝቡ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ አይመጣም። 8:30 ላይ ፈረቃ የምትቀይር ከሆነ ሁለተኛው ግርግር ርክክቡ ላይ ይወድቃል፣ ያልተወራረደ ጠረጴዛም የሚበዛው ያኔ ነው። በጾም ወቅት አንድ ሰው ከ5 እስከ 1 ሰዓት በሚሠራ መካከለኛ ፈረቃ አስገባ።

ጓዳው ውስጥ ደግሞ የጥብስ ምድጃው ቀዝቅዞ በያይነቱ የምታወጣዋ ብቻ ላብ በላብ ትሆናለች። ሽሮና ወጥ ማውጣት የሚችል የጥብስ ሰው ከሌለህ ፈረቃ ብትቀያይርም ችግሩ አይፈታም፤ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድመህ አለማምደው። የጥብስና የክትፎ ሠራተኞች የዓመት ፈቃድም እዚሁ 55 ቀን ውስጥ ይውደቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ በሚፈለግበት ወር ከወጣ ተተኪ ታመጣለህ፣ በጾም ከወጣ ግን ቦታውን የሚይዝ ሰው አያስፈልግህም።

ብዙዎች የሚረሱት ከፋሲካ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። ረቡዕ ላይ የከመርከውን ሦስት ኦፍ እንደነበረ ከተውከው የፍስክ ገበያ በአምስት አስተናጋጅ ይመጣብሃል።

ምልክት፦ ተመጋቢው አልጨመረም፣ ትርፍ ሰዓቱ ግን ያድጋል

የመውጫ ሰዓቱን ከፕሮግራሙ ጋር አስተያይ። የማታ ፈረቃ ከ8:30 እስከ ምሽቱ 4:30 ተብሎ አራቱ ሰዎች በየቀኑ 5:15 ላይ የሚወጡ ከሆነ በሳምንት 21 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ስለሚባዛ 2,120 ብር ይሆናል። ከቅዳሜና እሁዱ ጥሪ ጋር ሲደመር ድርሻውን ከ15 ወደ 16 በመቶ ያደርሰዋል።

መንስኤው ጽዳቱ የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ መጀመሩ ነው። የመጨረሻ ትዕዛዝ 3:15 ላይ ይዘጋ፤ የሥጋ ምድጃውና የማያስፈልገው የአዳራሽ ክፍል ከ3:30 ጀምሮ ይጽዳ። ከአራቱ ሁለቱን ደግሞ በ9:15 አስገብተህ በ5:15 አስወጣ፤ ያኔ ያው 45 ደቂቃ መደበኛ ሰዓት ይሆናል። ለዚህ ሰፈራቸው ቅርብ የሆኑትን ምረጥ። ታክሲ የሚቸገር ሠራተኛ ከመደብክ በሁለተኛው ሳምንት መቅረት ይጀምራል።

ምልክት፦ ሁሉም ተስተካክሎ ትርፍ ሰዓቱ አልወርድ አለ

ያኔ ሰው አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ሲባዛ 86.50 ብር ገደማ ነው፤ 13,320 ለእሱ ሲካፈል በወር 154፣ በሳምንት 36 ሰዓት ይመጣል። በአንድ የሥራ ዓይነት፣ ለምሳሌ በአስተናጋጅ ብቻ፣ ለተከታታይ ሳምንታት ከ36 ሰዓት በላይ ትርፍ ከከፈልክ ቅጠር። ከዚያ በታች ከሆነ ትርፍ ሰዓቱ ይረክሳል፤ ግን አንድ ሰው በሳምንት ከ12 ሰዓት ትርፍ እንዳያልፍ ሕጉ ስለሚከለክል ለብዙ ሰው አከፋፍለው። ትርፉ ሁሉ ቅዳሜና እሁድ ላይ የተከመረ ከሆነ ሙሉ ሰው አትቅጠር፤ ረቡዕ ግድግዳ የሚደገፍ ሌላ ሰው ታመጣለህ። ለሁለቱ ቀን ብቻ የሚሠራ ፈልግ።