የውጭ መም ሯጭ ለምን ከፊት ይነሳል? የመነሻ ማካካሻን አስልቶ ሜዳ ላይ የማስመር ዘዴ

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የወንዶች 400 ሜትር ፍጻሜ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ዋይዴ ቫን ኒኬርክ በ8ኛው መም ሮጦ በ43.03 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲያሻሽል፣ መነሻው በ1ኛው መም ከነበረው ሯጭ 53 ሜትር ያህል ቀድሞ ነበር። ርቀቱ ለተመልካች ትልቅ ብልጫ ይመስላል፤ ነገር ግን ሯጩ በኩርባው ላይ ከሌሎች አብልጦ የሚሮጠውን ርቀት ከመመለስ ያለፈ ምንም ጥቅም አይሰጥም። ከዚህ በታች የዚህን ማካካሻ ምክንያትና ስሌት፣ እንዲሁም በአንድ የትምህርት ቤት የአፈር ሜዳ ላይ በትክክል የሚሰመርበትን መንገድ እናያለን።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

የሩጫ ትራክ ሁለት ቀጥታ ክፍሎችና ሁለት ግማሽ ክብ ኩርባዎች አሉት። በቀጥታው ክፍል ሁሉም መሞች እኩል ርዝመት ስላላቸው በዚያ ማንም ሯጭ ከሌላው አብልጦ አይሮጥም። በኩርባው ላይ ግን ሁሉም ሯጮች አንድ የጋራ ማዕከል ይዞራሉ፤ በውጭ ያለው ደግሞ ከማዕከሉ የራቀ በመሆኑ የሚሮጥበት ክብ ትልቅ ነው። በአንድ ሙሉ ዙር ሁለቱ ኩርባዎች ሲደመሩ አንድ ሙሉ ክብ ስለሚሆኑ፣ በሁለት ሯጮች መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ክቦች ዙሪያ ልዩነት ነው ማለት ነው።

የክብ ዙሪያ ሬዲየሱ በ2 እና በ3.1416 ተባዝቶ ይገኛል። ስለዚህ ሬዲየሱ በ1 ሜትር ሲጨምር ዙሪያው በ6.28 ሜትር ይጨምራል፤ ኩርባው ሰፊም ሆነ ጠባብ ይህ ጭማሪ አይለወጥም። ብዙ ሰዎች ትልቅ ስታዲየም ትልቅ ማካካሻ የሚፈልግ ይመስላቸዋል፤ የሚያስፈልገው ግን የመሙ ስፋትና በየመሙ ተጠብቆ የሚሮጥባቸው ኩርባዎች ብዛት ብቻ ነው። የረጅም ርቀት ሩጫ የሚከታተል አንባቢም ከዚህ የሚያገኘው ነገር አለ፦ በ10,000 ሜትር ውድድር 25ቱንም ዙር ኩርባውን ከውስጠኛው የሩጫ መንገድ 1 ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ የሚዞር አትሌት፣ ከሌላው 157 ሜትር ያህል አብልጦ ይሮጣል። አትሌቶች ለመቅደም ቀጥታውን ክፍል የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መለኪያው መስመር የት ላይ ነው?

ሯጭ መስመሩን ረግጦ ስለማይሮጥ፣ የመም ርዝመት የሚለካው ከውስጠኛው ድንበር ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። በመደበኛው የ400 ሜትር ትራክ 1ኛው መም ከውስጥ በኩል ከመሬት ከፍ ያለ ጠርዝ ስላለው ሯጩ እግሩ እንዳይነካው ይርቃል፤ በመሆኑም የሚለካው ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ነው። የቀሩት መሞች በቀለም መስመር ብቻ ስለሚለዩ የሚለኩት ከውስጠኛው መስመር የውጭ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው። የአንድ መም ስፋት 1.22 ሜትር ሲሆን፣ በዚህ የ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ምክንያት የ2ኛው መም ማካካሻ 7.04 ሜትር ሆኖ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ መም 7.665 ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ ሲደመር በ8ኛው መም 53.03 ሜትር ይደርሳል።

በአፈር ሜዳ ላይ ማስመር

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ትምህርት ቤት ከፍ ያለ ጠርዝ የሌለው፣ በኖራ የሚሰመር፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር የሚሰፉ ስድስት መሞች ያሉት የ300 ሜትር ትራክ ማዘጋጀት ፈለገ እንበል። የውስጠኛው መስመር የውጭ ጫፍ ሬዲየስ 25 ሜትር ይሁን። ጠርዝ ስለሌለ 1ኛው መምም እንደሌሎቹ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይለካል፤ የመለኪያው ሬዲየስ 25.20 ሜትር ይሆናል፣ ሁለቱ ኩርባዎች አንድ ላይ 158.34 ሜትር ይሆናሉ፣ እያንዳንዱ ቀጥታ ክፍል ደግሞ 70.83 ሜትር ይሆናል።

በመጀመሪያ የማጠናቀቂያውን መስመር ቀጥታው አልቆ ኩርባው በሚጀምርበት ቦታ ያስምሩ። የአንድ ዙር ውድድር የ1ኛው መም መነሻም እዚያው ነው። መጨረሻው ለሁሉም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ መነሻው ብቻ የሚለያየው፣ ቀድሞ የገባውን በዓይን ለመለየት እንዲቻል ነው።

ቀጥሎ የየመሙን ማካካሻ ያስሉ። ስፋቱ 1 ሜትር ስለሆነ 2ኛው መም 6.28፣ 3ኛው 12.57፣ 4ኛው 18.85፣ 5ኛው 25.13፣ 6ኛው ደግሞ 31.42 ሜትር ወደ ፊት ይወጣል።

ከዚያም በኩርባው ማዕከል ችካል ተክለው በገመድ የየመሙን የመለኪያ መንገድ ያስምሩ፤ ለ6ኛው መም የገመዱ ርዝመት 30.20 ሜትር ነው። ማካካሻው የሚለካው በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ሜትሩን ከማጠናቀቂያው መስመር ጀምሮ ቀጥ አድርጎ 31.42 ሜትር የሚዘረጋ ሰው፣ በኩርባው ላይ ሲታይ 33.04 ሜትር አካባቢ ላይ ይደርሳል፤ የ6ኛው መም ሯጭም ከ1.6 ሜትር በላይ ያለ አግባብ ይቀድማል። መፍትሔው በ2 ሜትር በ2 ሜትር እየቆረጡ በተሰመረው መንገድ ላይ መለካት ነው፤ በዚህ መልኩ የሚፈጠረው ስህተት ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

ምልክቱ ከተገኘ በኋላ ገመዱን ከማዕከሉ ችካል በምልክቱ ላይ ወጥረው የመነሻውን መስመር በገመዱ አቅጣጫ ያስምሩ፤ ከማጠናቀቂያው መስመር ጋር ትይዩ ከተደረገ የሯጩ መነሻ በመሙ ላይ ያጋድላል። የኖራው ስፋት ከምልክቱ ወደ ፊት ይሁን፣ ምክንያቱም ውድድሩ የሚለካው ከመነሻው መስመር የኋላ ጫፍ ጀምሮ ነው።

በመጨረሻ ከተቃራኒው ጫፍ ይፈትሹ። በ6ኛው መም ግማሽ ክቡ 94.88 ሜትር ስለሆነ፣ ከኩርባው ማብቂያ ወደ ኋላ እስከ መነሻው ሲለካ 63.46 ሜትር መገኘት አለበት። ልኩ ከዚህ ካነሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሜትሩ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው። በሁሉም መሞች ላይ ተመሳሳይ ርቀት የሚጎድል ወይም የሚተርፍ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ኩርባው በሚጀምርበት ወይም በሚያበቃበት ምልክት ላይ ነው።

ለሌሎች ርቀቶች

በመደበኛው ትራክ የ200 ሜትር ውድድር በአንድ ኩርባ ብቻ ስለሚካሄድ ማካካሻው የ400 ሜትሩ ግማሽ ሲሆን፣ በ8ኛው መም 26.52 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሞስኮ መሐመድ አማን የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት የ800 ሜትር ውድድር ግን ትንሽ ይለያል። ሯጮቹ የመጀመሪያውን ኩርባ ብቻ በየመማቸው ሮጠው ቀጥታው ሲጀምር ወደ ውስጥ መግባት ይፈቀድላቸዋል፤ በአግድመት ወደ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ከቀጥታው ሯጭ በትንሹ የሚረዝም መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ለ8ኛው መም ከ26.52 ሜትር ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨመራል። ይህ ጭማሪ ሯጩ በ84.39 ሜትሩ ቀጥታ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንደሚገባ በማሰብ የተሰላ ስለሆነ፣ ኩርባውን እንደጨረሰ ወዲያው ወደ 1ኛው መም የሚያቋርጥ አትሌት ከተሰጠው በላይ ርቀት ይሮጣል።