ውል አላድስም፣ አገሬ እገባለሁ ብሎ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሪያድ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ሁለት ዓመት ልትደፍን ሦስት ወር ሲቀራት፣ ለአሠሪዎቿ የምትሰጠውን ደብዳቤ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። በደብተር ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ነው። እኔም ከእርሷ በፊት እዚያው አገር ስለ ሠራሁ «እቴቴ፣ አንቺ አይተሽ አስተካክዪልኝ» አለችኝ።

ደብዳቤው ከልብ የተጻፈ ነበር። እንዳለ ተተርጉሞ ቢሰጥ ኖሮ ግን ወይ የመመለሻ ቲኬቷን ያሳጣታል፣ ወይ ደግሞ ዕረፍት ጨርሳ የምትመለስ ሠራተኛ አድርጎ ያስመዘግባታል። ከዚያ ወዲህ የዘመድም የጎረቤትም ልጆች ደብዳቤ እያመጡልኝ አይቻለሁ፤ ስህተቱ እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ የእርሷን ደብዳቤ ይዤ አንድ በአንድ ልሂድበት። የምናገረው ስለ ሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ነው፤ ኩዌትም ኤምሬትስም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

«ሥራ ማቆም እፈልጋለሁ» ብሎ መጀመር

የደብዳቤዋ የመጀመሪያ መስመር ይህ ነበር። ውል አለማደስ እና ሥራ ማቋረጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውሏን እስከ መጨረሻው ቀን ሠርታ «ከዚህ በኋላ አልቀጥልም» የምትል ሠራተኛ ግዴታዋን ጨርሳለች፤ የመመለሻዋ ቲኬትም በአሠሪው ላይ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ያለ በቂ ምክንያት ያቋረጠች እንደ ሆነ ግን የመመለሻው ወጪ ወደ እርሷ ሊዞር ይችላል። «ሥራ ማቆም እፈልጋለሁ» የሚለው ቃል ከየትኛው ወገን እንደ ሆነች አይናገርም፤ አሠሪውም ለእርሱ በሚመቸው መንገድ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ውሉ የሚያበቃበት ቀን ከሁሉ ይቅደም፤ «እስከዚያ ቀን እሠራለሁ» የሚለው ይከተል፤ «አላድስም» የሚለው በመጨረሻ ይምጣ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ

ይህ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው ስህተት ነው። የአክስቴ ልጅ ውሏ የሚያበቃው ሰኔ 7 ቀን 2017 ስለ ነበር በደብዳቤዋ ላይ «7/10/2017» ብላ ጻፈች። ሰኔ ለእኛ አሥረኛ ወር ነው፤ ለዓረቡ ግን አሥረኛው ወር ኦክቶበር ነው። እርሱ ያንን ሲያነብ ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ያለፈ ቀን ያያል። ደብዳቤው ቀልድ ይመስለዋል፤ ያለበለዚያ ደግሞ ቀኑን ራሱ እንደሚመቸው ይሞላዋል።

በዚያ ላይ ሦስተኛ አቆጣጠር አለ። በሳዑዲ ቤቶች ሂጅሪ እየቆጠሩ የሚናገሩ ብዙ ናቸው፤ የሂጅሪ ዓመት ደግሞ ከፈረንጆቹ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ያጥራል። የእርሷ ውል የጀመረው ጁን 15 ቀን 2023 ነው። በፈረንጆች ሁለት ዓመቱ የሚሞላው ጁን 14 ቀን 2025 ሲሆን፣ በሂጅሪ ብንቆጥረው ግን በሜይ 23 ገደማ ያልቃል። ልዩነቱ 22 ቀን ነው። በወር 1000 ሪያል ለምታገኝ ሴት ይህ ወደ 733 ሪያል ይመጣል። ማዳሟ «ሁለት ዓመትሽ አልቋል» ብላ ቀድማ ብታሰናብታት የምታጣው ይህንን ነው፤ እርሷ በሂጅሪ ቆጥራ ቀድማ ብትወጣ ደግሞ ውል አፍርሳለች ይባላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የቤት ሠራተኞች ውል በሚሠፍርበት የሳዑዲ መንግሥት ድረ ገጽ በሙሳነድ የተመዘገበውን ውል ከፍቶ፣ እዚያ ላይ የሠፈረውን ቀን እንደ ሠፈረ መገልበጥ፤ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን «ጁን» ብሎ በስሙ መጻፍ። የኢትዮጵያውን ቀን ለቤተሰብ በስልክ መንገር ይበቃል።

የሌለ በሽታ ማምጣት

የደብዳቤዋ መካከል ሙሉውን ስለ እናቷ ሕመም ነበር። አክስቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት፤ ቡናዋን ራሷ ወቅጣ ታፈላለች። «ለምን ጻፍሽው?» ስላት «ዝም ብዬ አልፈልግም ብላቸው ይከፋቸዋል፤ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ» አለችኝ። ይሉኝታው ይገባኛል። ሁለት ዓመት እንጀራ ከተበላበት ቤት በባዶ «እምቢ» መውጣት ለእኛ ይከብዳል።

ነገር ግን የታመመች እናት ትድናለች። ደግ አሠሪ ይህን ሲያነብ «ሂጂ፣ አስታምሚያት፣ በአንድ ወር ተመለሺ» ነው የሚለው። ከዚህ በኋላ «አይ፣ አልመለስም» ማለት ከመጀመሪያው እምቢታ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ምክንያት መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ውል ሲያልቅ አለማደስ ለሁለቱም ወገን የተፈቀደ ነው። መጻፍ ካስፈለገም «ከቤተሰቤ ጋር ለመኖር ወስኛለሁ» ይበቃል፤ እውነት ነው፣ የሚድንም ነገር የለውም።

ኹሩጁን በስሙ አለመጥራት

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከሳዑዲ የሚወጣ ሠራተኛ ሁለት ዓይነት መውጫ አለው። አንዱ ኹሩጅ ወዐውዳ ይባላል፤ ወጥቶ መመለሻ ነው። ሌላው ኹሩጅ ኒሃኢ ነው፤ የመጨረሻ መውጫ። ሁለቱንም የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ በስልኩ አብሸር በተባለው የመንግሥት መተግበሪያ ላይ ገብቶ በደቂቃ ይጨርሰዋል። ሠራተኛዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ በሁለቱም ታልፋለች፤ አገሯም ትገባለች። ልዩነቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በኹሩጅ ወዐውዳ ወጥታ በቀኑ ያልተመለሰች ሴት በመዝገቡ ላይ «ወጥታ አልተመለሰችም» ተብላ ትቀመጣለች፤ አንድ ቀን ለሌላ ሥራ ልሂድ ብትል ይህ መዝገብ ሊያስቸግራት ይችላል።

የአክስቴ ልጅ በደብዳቤዋ «አገሬ መግባት እፈልጋለሁ» ብላ ነበር። ደብዳቤውን ወደ ዓረብኛ እንዲያዞርላት የለመነችው የሠፈሩ ሾፌር «ኢጃዛ ትፈልጋለች» ብሎ ጻፈው። ኢጃዛ ዕረፍት ነው። ሾፌሩ ክፋት አላሰበም፤ «አገር መግባት» ለእርሱ ዕረፍት ማለት ነበር። ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት ዓረብኛውን በድምፅ አንብባ እንድትልክልኝ ስለ ነገርኳት ብቻ ተያዘ። ስለዚህ «ኹሩጅ ኒሃኢ» የሚሉት ሁለት ቃላት በአማርኛውም ረቂቅ ላይ እንዳሉ ይጻፉ፤ ያኔ ተርጓሚ የሚለውጠው ነገር አይኖርም።

አሠሪው ቪዛውን አውጥቶ ወረቀቱን ሲልክም የቪዛው ዓይነት ይነበብ። ዓረብኛ የምታነብ ከሌለች ፎቶውን ለሚያነብ ሰው መላክ ነው። ሌላው መታየት ያለበት ቀኑ ነው፤ ኹሩጅ ኒሃኢ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ ቲኬቱ ከዚያ ማለፍ የለበትም።

ቅሬታን እዚያው መዘርገፍ

በደብዳቤው ታችኛ ግማሽ የእንቅልፍ ማጣት፣ የማዳሟ እናት ቁጣ፣ የተከለከለ ስልክ ተዘርዝሮ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ግን ኹሩጁን የሚያወጣው ይህንኑ የሚያነበው ሰው ነው፤ ተቆጥቶ ቢያዘገየው የምትጎዳው እርሷ ናት። በደል ካለ ቦታው የሥራ ቢሮው፣ የሪያዱ ኤምባሲ ወይም የጅዳው ቆንስላ ነው። ድብደባ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ካለ ደግሞ የደብዳቤ ነገር ይቅር፤ ቀጥታ ወደዚያው ይደወል።

ገንዘቡን «የቀረኝን» ብሎ ማለፍ

«የቀረኝን ስጡኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። ማዳሟ የጃንዋሪንና የፌብሩዋሪን ደመወዝ «ስትሄጂ በአንድ ላይ እሰጥሻለሁ» ብላ ይዛባት ነበር። እነዚህ ወሮች በስማቸው፣ ገንዘቡም በቁጥር ይጻፍ፦ 2000 ሪያል። የመጨረሻው ወር 14 ቀን ወደ 467 ሪያል ስለሚመጣ በጠቅላላው 2467 ይሆናል፤ በመካከል ያሉት ወሮች በጊዜያቸው ገብተውላታል። ሁለት ውል ሠርታ ከአንድ አሠሪ ጋር አራት ተከታታይ ዓመት የሞላት ሠራተኛ ከዚህ በላይ የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ አላት፤ ይህንንም ሳትጽፍ የምታልፍ ብዙ ናት።

ከደብዳቤው በኋላ የሚመጣ ሌላ ወረቀት ደግሞ አለ፤ ሙኻለሳ ይሉታል። «መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ሻንጣ በሚታሰርበት ሌሊት ይቀርባል፤ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ልቡ አውሮፕላን ላይ ነው። ገንዘቡ በሒሳቧ መግባቱን የሚገልጽ መልእክት በስልኳ ሳይታይ እዚያ ላይ መፈረም አይገባም።

ለማዳም ሰጥቶ ዝም ማለት

ቤቱን የምታስተዳድረው ማዳም ናት፤ በመኖሪያ ፈቃዱ በኢቃማው ላይ ስሙ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ባልየው ነው። ካፊል የሚባለው በሕግ የተመዘገበው አሠሪ እርሱ ስለ ሆነ ደብዳቤው በእርሱ ስም ይጻፍ። ማዳም እጅ ብቻ የቀረ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የውሉ ቀን ሲደርስ ተመልክቻለሁ። ዓረብኛው ተፈርሞ ፎቶው በዋትሳፕ ለሁለቱም ይላክ፤ መልእክቱ መነበቡም መልሱም እዚያው ይቀራል። ፎቶው፣ ውሉ እና የፓስፖርቱ ቅጂ አገር ቤት ላለ ሰው ይላክ፤ ስልክ ሊጠፋም ሊወሰድም ይችላል። ጊዜው ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ይበል፤ እነርሱም ሌላ ሠራተኛ የሚያመጡበት ፋታ ካገኙ ንዴቱ ይቀንሳል። ደብዳቤ ሰጥቶ መልስ ዘገየ ብሎ ከቤት መውጣት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አሠሪው ጠፋች ብሎ ሁሩብ ካስመዘገበ የተጻፈው ሁሉ ይበላሻል።

እንግዲህ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ተስተካክሎ ይህን ያህል ብቻ ሆነ፦

«በኢቃማዬ ላይ ስማቸው ለሠፈረው አሠሪዬ። አሰላሙ ዐለይኩም። ጁን 15 ቀን 2023 የጀመረው የሥራ ውሌ ጁን 14 ቀን 2025 ያበቃል። እስከዚያ ቀን ሥራዬን እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ ውሉን አላድስም፤ ከቤተሰቤ ጋር ለመኖር ወስኛለሁ። ውሌ ሲያበቃ የምሄድበት ኹሩጅ ኒሃኢ እና ከሪያድ አዲስ አበባ የመሄጃ ቲኬት እንዲያዘጋጁልኝ፣ ፓስፖርቴም በእጄ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ያልተከፈለኝ የጃንዋሪ እና የፌብሩዋሪ 2025 ደመወዝ 2000 ሪያል፣ እንዲሁም እስከ መጨረሻው ቀን የምሠራበት ከመሄዴ በፊት በሒሳቤ ይግባልኝ። ስላሳያችሁኝ መልካምነት ሁሉ አመሰግናለሁ።» ከሥሩ ስሟ፣ የኢቃማ እና የፓስፖርት ቁጥሯ፣ ቀን እና ፊርማ።

በኤፕሪል 12 ላከችው። ማዳሟ ሁለት ቀን አኮረፈቻት፤ በሦስተኛው ቀን «ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል?» ብላ ደመወዝ እንደምትጨምር ነገረቻት። እርሷም በቃል አልተከራከረችም፤ «ወረቀቱን ባባ አንብቦታል» ብቻ አለች፤ ባባ የምትለው ባልየውን ነው። ኹሩጁ በጁን መጀመሪያ ወጣ፤ ፎቶውን ልካልኝ አነበብኩት፤ ኒሃኢ ይላል። ሙኻለሳውን የፈረመችው ገንዘቡ ከገባ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሻንጣዋ በር ላይ ቆሞ ነበር።