ስም ተስተካክሎ ደመወዝ ሲመለስ፦ ከየት ይጀመራል?

ምልክቱ ይሄ ነው። ስማችሁ በፍርድ ቤት ተስተካክሏል፣ ወረቀቱን ለሰው ኃይል ክፍል ሰጥታችኋል፣ በወሩ መጨረሻ ግን ደመወዝ አልገባም። ወይም ገብቷል፣ የጡረታ መዝገባችሁ ግን ሥራ የጀመራችሁት ባለፈው ወር እንደሆነ ያሳያል።

እዚህ ጎንደር አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ፔሮል እሠራለሁ። ታኅሣሥ ላይ አንዲት ባልደረባችን ይሄው ደረሰባት። የአባቷ ስም መኳንንት ነው፤ ስትቀጠር መኮንን ተብሎ ተጻፈ፤ ስምንት ዓመት እንደዚያው ሠራች። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ስታመጣ እኛም ቸኮልንና የዚያኑ ቀን ፔሮሉ ላይ ቀየርነው። ባንኩ ስምና አካውንት አይገጥምም ብሎ ደመወዙን መለሰው። «ወንድሜ፣ የቤት ኪራዬስ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ፔሮል ከመጨረሻዎቹ አንዱ እንጂ መጀመሪያው አይደለም። የደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም ወደ ባንክ፣ ወደ ገቢዎችና ወደ ጡረታ ይሄዳል፤ እነሱ ጋ ደግሞ ያለው አሮጌው ስም ነው። ስለዚህ እሷን «እትዬ፣ ለአሁኑ ወደ አሮጌው ስም እንመልሰው» አልኳትና ደመወዟን ከፍለን ከሥር ጀመርን።

መጀመሪያ መታወቂያና ፋይዳ። ሌላው ቢሮ ሁሉ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። እዚህ ላይ የላቲን ፊደሉን አንዴ ወስኑና በዚያው ጽኑ። መኳንንትን አንዱ `Mekuanint`፣ ሌላው `Mequanint` ይለዋል፤ ለሲስተም ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የሚመዘግባችሁ ሰው ስክሪኑን እንዲያሳያችሁ ጠይቁና ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ስህተቱም አብሮ ነው የሚገለበጠው። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ላይ ቢሮ ለቢሮ መዞር አይሞከርም፤ እኛም ከጥር 11 በኋላ ነው የቀጠልነው።

ቀጥሎ የአሠሪ ደብዳቤ። ለፔሮል ሳይሆን ለግል ማኅደርና ለውጭ ቢሮዎች የሚሆን። ሁለቱም ስሞች፣ የቅጥር ቀን፣ ቲን ነምበርና የጡረታ መለያ ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ይስፈሩ፤ «ቀድሞ በዚህ ስም ስትሠራ የነበረችው ይህችው ሠራተኛ ናት» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገርም ይኑረው። ማኅተሙ ፊደል ላይ አርፎ ስሙን እንዳይሸፍነው። የቅጥር ደብዳቤውን አሮጌ ስም ስላለበት ብቻ ከማኅደሩ አታስወጡ፤ ስምንቱን ዓመት የሚያስረዳው እሱ ነው።

ከዚያ ገቢዎች። ስሙ ይቀየራል፣ አሥር አሃዙ ቲን ግን ያው ነው። «አዲስ ብታወጪ ይቀላል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስሙት። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ቲን ብቻ ነው፣ ሁለት ከሆነ የከፈላችሁት ግብር በሁለት ቁጥር ተበታትኖ ይመዘገባል።

ባንክና ፔሮል በአንድ ወር ውስጥ ይሁኑ። ጥሩው ጊዜ የወሩ ደመወዝ ከገባ በኋላ፣ የቀጣዩ ዝርዝር ሳይዘጋጅ በፊት ያለው ነው። ባንኩ ስሙን መቀየሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ፔሮሉን አታስነኩ።

አሁን ጡረታ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስህተቱ ዛሬ አያምም። ደመወዛችሁ 12,000 ብር ከሆነ በየወሩ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ይገባል። ስሙ ተቀይሮ አዲስ መዝገብ ከተከፈተ ይሄ 2,160 ብር ሌላ ሰው ላይ እንደሚጠራቀም ቁጠሩት። ባልደረባችን በአሮጌው ስም ስምንት ዓመት አላት። በአዲሱ አራት ዓመት ሠርታ 60 ቢሞላት በእውነት አሥራ ሁለት ዓመት አገልግላለች፤ በወረቀት ግን አንዱም መዝገብ ለዘላቂ የጡረታ አበል የሚጠየቀውን 10 ዓመት አይሞላም።

መፍትሄው ደብዳቤውንና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዞ ጡረታ ቢሮ ሄዶ በአሮጌው መለያ ቁጥር ላይ ስሙ ብቻ እንዲታረም መጠየቅ ነው። ሁለተኛ መዝገብ ተከፍቶ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ይቀላቀል በሉ፤ የተቀላቀለበትንም ማስረጃ ያዙ። የልደት ዘመንን ግን አብራችሁ ላስተካክል አትበሉ። ጡረታ የሚይዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የተመዘገበውን ዕድሜ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ቀላሉን የስም ጉዳይም ያንጠለጥለዋል።

ከለውጡ በኋላ ባለው ወር ሒሳብ ክፍል ሂዱና የግብርና የጡረታ ዝርዝሩ ላይ የራሳችሁን መስመር አሳዩኝ በሉ። እትዬ የየካቲቱን ስታይ መኳንንት የሚለውን በጣቷ ተከትላ አነበበችው፤ ከጎኑ ያለው የጡረታ ቁጥር ያው የድሮው ነበር።