ዛፍ መቁረጡ ለምን እንዳሰለቸ አገኘሁት

የምሠራውን ሰርቫይቫል ጌም የሞከሩት ሰዎች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይተዉት ነበር፦ ሁለተኛውን የመሥሪያ ጠረጴዛ ለመሥራት እንጨት ሲሰበስቡ። መጀመሪያ የዛፉን ቁጥር ጨመርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በድንጋይ መጥረቢያ አንድ ዛፍ 3 እንጨት ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ጠረጴዛ 60 ይፈልጋል፤ 20 ዛፍ ማለት ነው። የብረት መጥረቢያው 6 ይሰጣል፣ ግን ሁለተኛውን ጠረጴዛ 120 አድርጌው ነበር። እንደገና 20 ዛፍ! ተጫዋቹ ደክሞ ያገኘውን መሣሪያ በዋጋ ጭማሪ መልሼ ነጥቄዋለሁ። አንዱ ዛፍ ከነእርምጃው 25 ሰከንድ ስለሚወስድ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይወስን ስምንት ደቂቃ ያህል ይቆርጣል።

አሁን ሁለተኛው ጠረጴዛ 30 እንጨትና 3 ሙጫ ነው የሚፈልገው። እንጨቱ በ5 ዛፍ ያልቃል። ሙጫው ግን ረግረጉ ውስጥ ካለው ዛፍ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ያንን ዛፍ ደግሞ የድንጋይ መጥረቢያ አይቆርጠውም፣ ረግረጉም ማታ ስለሚቀዘቅዝ ተጫዋቹ ችቦ ይዤ ልሂድ ወይስ ሲነጋ ብሎ ማሰብ አለበት። የብረት መጥረቢያው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን አዲስ ቦታ ከፈተለት፣ እኔ በጣም የወደድኩትም ይሄንን ነው።

አንድ ችግር ተከተለ፦ እንጨት ዋጋ አጣ፣ ሣጥኖች ሞልተው ተቀመጡ። ስለዚህ የብረት ማቅለጫው ማገዶ አደረግኩት። ማቅለጫው አጠገብ ካለው ሣጥን ራሱ ይወስዳል፣ ተሸክሞ መመላለስም ቀረ።