ዲስፕሌይፖርትን ከኤችዲኤምአይ ጋር ስታገናኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ የገዛ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን እንውሰድ። ከጀርባው ሁለት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ቪጂኤ አለው። ኤችዲኤምአይ የለውም። ቤት ያለው ሞኒተር ወይም ቲቪ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ነው። ባለሱቁ "ችግር የለም፣ አዳፕተር አለ" ብሎ ትንሽ ነገር ያቀብላችኋል። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጣችሁ ትቀራላችሁ። ልዩነቱ የዕድል ጉዳይ ስላልሆነ ሰው የሚሳሳትባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

ስህተት 1፦ አዳፕተሩ "ይቀይራል" ብሎ ማመን

ዲስፕሌይፖርትና ኤችዲኤምአይ የሚለያዩት በመሰኪያው ቅርጽ ብቻ አይደለም። ዲስፕሌይፖርት ምስሉን በትናንሽ ፓኬት ከፋፍሎ ይልካል፣ ኔትወርክ ላይ ዳታ እንደሚሄደው ዓይነት። የተለመደው ኤችዲኤምአይ፣ እስከ 2.0 ያለው ማለቴ ነው፣ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ከሰዓት ምልክት ጋር ሳያቋርጥ ያፈሳል። ቮልቴጁም ይለያያል።

ታዲያ ርካሹ ፓሲቭ አዳፕተር እንዴት ይሠራል? ምንም ስለማይተረጉም ነው። ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው። ብዙ ዲስፕሌይፖርቶች ዲፒ++ የሚባል ችሎታ አላቸው፤ ከመሰኪያው አጠገብ ያለው ምልክት ላይ ሁለት የመደመር ምልክት ታያላችሁ፣ ባይታተምም ችሎታው ሊኖር ይችላል። አዳፕተሩ ሲሰካ በአንዷ ፒን በኩል "እኔ አዳፕተር ነኝ" ብሎ ያሳውቃል። ግራፊክሱ ይሄን ሲያይ የዲስፕሌይፖርቱን ቋንቋ ትቶ በዚያው መሰኪያ በኩል የኤችዲኤምአይ ምልክት ማውጣት ይጀምራል። ለአዳፕተሩ የሚቀረው ቮልቴጁን ማስተካከል ብቻ ነው።

አክቲቭ ኮንቨርተር ግን በውስጡ እውነተኛ ቺፕ አለው። የዲስፕሌይፖርቱን ፓኬት ተቀብሎ፣ ፈትቶ፣ እንደ አዲስ ኤችዲኤምአይ አድርጎ ይልካል። ኮምፒውተሩ የሚያወራው ከዲስፕሌይፖርት ሞኒተር ጋር ይመስለዋል። ስለዚህ ዲፒ++ መኖር አለመኖሩ ለአክቲቩ ግድ አይሰጠውም። ከውጭ ሲታዩ ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ገበያ ላይ ሰውን የሚያሳስተውም ይሄ ነው። ማሸጊያው ላይ "አክቲቭ" ካልተጻፈበት ፓሲቭ ነው ብላችሁ ገምቱ።

ስህተት 2፦ ገልብጦ መሰካት

ይሄኛው በብዛት የሚታየው ነው፣ በጣም የሚያናድደውም። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ አለው፣ ሞኒተሩ ላይ ነፃ የሆነው ዲስፕሌይፖርት ነው። አንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ዲስፕሌይፖርት የሆነ ኬብል ይገዛል። ሁለቱም ጫፍ ጥርት ብሎ ይገባል። ሞኒተሩ ግን "No Signal" ብሎ ይተኛል።

ኬብሉ አልተበላሸም። የተሠራው ለአንድ አቅጣጫ ነው፣ ከዲስፕሌይፖርት ኮምፒውተር ወደ ኤችዲኤምአይ ሞኒተር። ሁለት ቋንቋ የሚያውቀው የኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት እንጂ የሞኒተሩ ዲስፕሌይፖርት አይደለም። ሞኒተሩ ጋ ያለው መሰኪያ ፓኬት ብቻ ነው የሚገባው፣ ላፕቶፑ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ ያወጣል። መሀል ላይ የሚያስማማቸው የለም።

እዚህ ጋ አክቲቭ ኮንቨርተር የግድ ነው፣ ያውም "ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት" የሚል። እነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የዩኤስቢ ጭራ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ለጌጥ አይደለም። ኤችዲኤምአይ መሰኪያ 5 ቮልት ይሰጣል፣ ግን ዋስትና ያለው 55 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ለቺፑ አይበቃም። የዲስፕሌይፖርት መሰኪያ በአንጻሩ በ3.3 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር ስለሚሰጥ በዚያኛው አቅጣጫ የሚሄዱት ኮንቨርተሮች በአብዛኛው ሌላ ኃይል አይፈልጉም። ስለዚህ ጭራውን ሳትሰኩ "አይሠራም" ብላችሁ ወደ ሱቅ አትመልሱት።

ሞኒተሩ ላይ ኤችዲኤምአይ ካለ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እዚያ ላይ ሌላ ነገር ከተሰካ ቦታ አቀያይሯቸው። ከኮንቨርተሩ ይረክሳል።

ስህተት 3፦ "ምስል ከመጣ በቃ" ማለት

ወደ ኦፕቲፕሌክሱ እንመለስ። ሰውዬው 4ኬ ቲቪ አለው እንበል። ፓሲቭ አዳፕተር ገዝቶ ሰካ፣ ምስል መጣ፣ 4ኬም መረጠ። ደስ አለው። ከዚያ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ቀስቱ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ገጽ ሲያወርድ ጽሑፉ ይንቀጠቀጣል። "ኮምፒውተሩ አርጅቷል" ብሎ ራም ሊገዛ ይነሳል።

ራሙን ተዉት። የሆነው ይሄ ነው። ለ1080ፒ በ60 ሄርዝ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ የሚያስፈልገው የምልክት ፍጥነት 148.5 ሜጋሄርዝ ነው። ለ4ኬ በ30 ሄርዝ 297፣ ለ4ኬ በ60 ሄርዝ ደግሞ 594። ፓሲቭ አዳፕተሮች ሁለት ትውልድ አላቸው። የመጀመሪያው የተፈቀደለት እስከ 165 ሜጋሄርዝ ነው፣ ስለዚህ 1080ፒን ይሸከማል፣ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሁለተኛው እስከ 300 ይሄዳል። 297 ከ300 በታች ስለሆነ 4ኬ ይመጣል፣ ግን በ30 ሄርዝ ብቻ። ፊልም ለማየት አይከፋም። ለሥራ ግን ያሰለቻል።

ኮምፒውተሩ ራሱስ? 9020 ላይ ያለው 4ኛ ትውልድ ኢንቴል በኤችዲኤምአይ ቋንቋ ሲያወራ እሱም ከዚያ አያልፍም። በራሱ በዲስፕሌይፖርት ሲያወራ ግን 4ኬን በ60 ሄርዝ ያወጣል። ያው መሰኪያ፣ ያው ማሽን። ስለዚህ መፍትሔው "4ኬ 60 ሄርዝ" የሚል አክቲቭ ኮንቨርተር ነው፤ ኮምፒውተሩ በዲስፕሌይፖርት ይልካል፣ ቺፑ ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 ይቀይረዋል። ማሸጊያው ላይ "4ኬ" ብቻ ተጽፎ የሄርዙ ቁጥር ከተዘለለ ጠርጥሩ። 30 ነው ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ `Settings > System > Display > Advanced display` ግቡና `Refresh rate` የሚለውን እዩ። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ተርሚናል ላይ

```
xrandr
```

ጻፉ፣ ኮከብ ያለበት ቁጥር አሁን የሚሠራው ነው። (ይሄ በኤክስ11 ላይ ነው። ዌይላንድ ከሆነ የዴስክቶፑን የማሳያ ሴቲንግ ማየቱ ይሻላል።)

አክቲቩን ገዝታችሁም 60 ካልመጣ ጥፋቱ የቲቪው ሊሆን ይችላል። ብዙ ቲቪዎች የኤችዲኤምአይ መሰኪያቸውን ሙሉ ፍጥነት ከሜኑ ካልከፈቱላቸው አይለቁም። ሳምሰንግ ላይ `Input Signal Plus`፣ ኤልጂ ላይ `HDMI Ultra HD Deep Colour` የሚል ነገር ፈልጉ። ሌላም ምልክት አለ፣ 60 መጥቶ ትናንሽ ቀይ ፊደላት ጠርዛቸው ከተጨማለቀ፣ ያው `Advanced display` ላይ የቀለሙ ዓይነት `YCbCr420` መሆኑን እዩ። ፍጥነቱ ስላልበቃ የቀለሙ መረጃ ተቀንሷል ማለት ነው። ለቪዲዮ አይታወቅም፣ ለኤክሴል ዓይን ያደክማል።

ስህተት 4፦ ዲስፕሌይፖርት እያለ በኤችዲኤምአይ መሰካት

ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዝቶ ዓመት ሙሉ በ60 የሚጫወት ሰው አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያገኘውን ወይም መሳቢያ ውስጥ የከረመውን ኤችዲኤምአይ ኬብል ስለሰካ ነው። አንዳንድ ሞኒተሮች፣ በተለይ ቆየት ያሉት፣ ሙሉ ፍጥነታቸውን የሚሰጡት በዲስፕሌይፖርታቸው ብቻ ነው፤ ኤችዲኤምአያቸው 1.4 ሊሆን ይችላል። የሞኒተሩ ማኑዋል ለእያንዳንዱ መሰኪያ የሚደርስበትን ሄርዝ ለየብቻ ይጽፋል። ሁለቱም ጋ ዲስፕሌይፖርት ካለ በቀጥታ በእሱ ሰኩ፣ አዳፕተር የሚባል ነገር አታስገቡ። ጌም የሚጫወት ሰው ደግሞ ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ በአዳፕተር በኩል ብዙ ጊዜ እንደሚጠፋ ይወቅ።

ይሄ ማለት ኤችዲኤምአይ መናኛ ነው ማለት አይደለም። ለ1080ፒ በ60 ሄርዝ ማንኛውንም ሰኩ፣ በዓይን የሚታይ ልዩነት የለም። ድምፅም ሁለቱም ይዘው ይሄዳሉ። አዲሱ ኤችዲኤምአይ 2.1 እንዲያውም በሰከንድ እስከ 48 ጊጋቢት ስለሚደርስ ከዲስፕሌይፖርት 1.4 ይበልጣል። ግን ይሄ ፍጥነት በፓሲቭ አዳፕተር አይገኝም።

ስህተት 5፦ ዶክ ላይና ሦስተኛ ሞኒተር ላይ ፓሲቭ መጠቀም

ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ሲሰካ የሠራው አዳፕተር ዶክ ላይ ሲሰካ እምቢ ሊል ይችላል። አንዱን ምልክት ለብዙ ሞኒተር የሚያከፋፍሉ ዶኮችና ሀቦች መውጫቸው ንጹሕ ዲስፕሌይፖርት ሊሆን ይችላል፣ ዲፒ++ የሌለው። ያኔ አክቲቭ ያስፈልጋል።

የቆዩ ግራፊክስ ካርዶችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። የኤኤምዲ ራድዮን 5000 ካርዶች ለኤችዲኤምአይና ለዲቪአይ ዓይነት ምልክት ሁለት የሰዓት ምንጭ ብቻ ነበራቸው። ሁለት ሞኒተር ይሠራል፣ ሦስተኛውን በፓሲቭ ስትሰኩ አይበራም፣ ወይም ካበራችሁት ሌላው ይጠፋል። ሰው ካርዱ የተቃጠለ ይመስለዋል። ሦስተኛውን በአክቲቭ ወይም በቀጥታ በዲስፕሌይፖርት ማድረግ ነበር መፍትሔው። እነዚህ ካርዶች ዛሬም ከሰው ወደ ሰው ስለሚዞሩ ነው ያነሳሁት።

ስህተት 6፦ ዩኤስቢ ሲን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

እዚህ ፓሲቭ ወይስ አክቲቭ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ገበያ ላይ ያሉት ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩት ውስጣቸው ቺፕ አለ። ጥያቄው የላፕቶፑ ዩኤስቢ ሲ ምስል ያወጣል ወይ ነው። አጠገቡ የዲፒ ወይም የመብረቅ ምልክት ካለ ያወጣል። ምንም ከሌለ የሞዴሉን መግለጫ እዩ፣ ምክንያቱም ቻርጅና ፋይል ብቻ የሚያስተላልፍ ዩኤስቢ ሲ አለ፣ እሱ ላይ የትኛውም ዓይነት አዳፕተር አይረዳችሁም።