የሳምንት ክፍያን ወደ ወር ስንቀይር የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ጓደኛዬ ብድር ከመውሰዱ በፊት ሒሳቡን በቃሉ ሠራው። «በሳምንት 300 ነው፤ በወር 1,200 መሆኑ ነው፤ እችለዋለሁ» አለኝ። ደመወዙ የሚገባው በወር አንዴ ነው። የመጀመሪያው ወር በሰላም አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ግን በአንድ ወር ውስጥ አምስተኛ ክፍያ መጣበት። «አጭበረበሩኝ» ብሎ ደወለልኝ። ማንም አላጭበረበረውም። የሸወደው የራሱ ማባዣ ነው።

ሳምንቱን በአራት ማባዛት

አራት ሳምንት 28 ቀን ነው። ወር ደግሞ በአማካይ ከ30 ቀን በላይ ነው። በዓመት ውስጥ 52 ሳምንት ስላለ፣ አንድ ወር የሚይዘው 4.33 ሳምንት ነው። ስለዚህ መንገዱ ሁሌም በዓመቱ በኩል ነው፦ መጀመሪያ የዓመቱን ድምር አውጡ፣ ከዚያ ለ12 አካፍሉ። 300 በ52 ሲባዛ 15,600 ይመጣል፤ ለ12 ሲካፈል 1,300። ጓደኛዬ በየወሩ 100 ረስቶ ነበር ማለት ነው።

በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈል ከሆነም ነገሩ ያው ነው። በሁለት ሳይሆን በ26 አባዙና ለ12 አካፍሉ። ከዚያ በኋላ ያንን አማካይ በየወሩ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ቀለል ባሉት ወሮች የሚተርፈው፣ ክፍያ የሚበዛበትን ወር ይሸፍናል።

«በየሁለት ሳምንቱ» እና «በወር ሁለቴ» አንድ ይመስላሉ

አይደሉም። በወር ሁለቴ ማለት በዓመት 24 ክፍያ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ማለት 26 ነው። አንድ ሰው «በአስራ አምስት ቀን» ሲላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አይታወቅም። የክፍያ ሰሌዳውን አምጣ በሉት። ቀኖቹ ሁሌም አንድ ዓይነት የሳምንት ቀን ላይ ከዋሉ 26 ነው። በየወሩ ተመሳሳይ ቀን ላይ ከዋሉ፣ ለምሳሌ 1 እና 16 ላይ፣ 24 ነው።

ወለዱን የቀነሰው ቶሎ ቶሎ መክፈሉ ነው ብሎ ማመን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ለዓመታት ተሳስቻለሁ። ስለዚህ ሒሳቡን ቀስ ብለን እንየው።

200,000 ተበደርን እንበል። ወለዱ በዓመት 6 በመቶ ነው፣ የሚታሰበውም በቀሪው ዕዳ ላይ። ጊዜው 30 ዓመት። የወሩ ክፍያ 1,199.10 ይሆናል። እስከ መጨረሻው በዚሁ ከሄድን ጠቅላላ ወለዱ ወደ 231,680 ይደርሳል።

አሁን አበዳሪው «የወሩን ግማሽ በየሁለት ሳምንቱ ክፈሉ» ይላል። ግማሹ 599.55 ነው። ስንት ክፍያ እንደሚፈጅ ኤክሴል ላይ በዚህች ቀመር ማየት ይቻላል፦

```
=NPER(0.06/26, -599.55, 200000)
```

መልሱ 637 ገደማ ነው። ለ26 ስናካፍለው 24 ዓመት ተኩል። ወለዱም ወደ 182,050 ይወርዳል። ወደ 49,600 ተረፈ! ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ይህ ቁጥር ነው።

ግን ቆም እንበል። 26 ግማሽ ማለት 13 ሙሉ ነው። በዓመት 12 ጊዜ ስንከፍል የነበርን ሰዎች፣ ሳይታወቀን 13ኛ ክፍያ ጨምረናል። ወደ ወር ብንቀይረው 599.55 በ26 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 1,299.03 ነው። በየወሩ 100 ያህል እየጨመርን ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምስጋናው ለየትኛው ነው? ሁለቱን እንለያቸው። ክፍያውን በወር አንዴ እናድርገውና 1,299.03 እንክፈል። ብድሩ አሁንም በ24 ዓመት ተኩል ያልቃል፤ ወለዱ 182,570 ገደማ ይሆናል። ከሁለት ሳምንቱ ጋር ያለው ልዩነት 500 ያህል ብቻ ነው።

ከሌላ በኩልም እንሞክረው። የዓመቱን ድምር ሳንነካ፣ 1,199.10ን በ12 አባዝተን ለ26 እናካፍል። በየሁለት ሳምንቱ 553.43 ይሆናል። አሁን የተቀየረው ድግግሞሹ ብቻ ነው። የምናተርፈው በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 580 ነው። ከ49,600 ውስጥ የድግግሞሹ ድርሻ ይቺው ናት፤ ሌላው በሙሉ ከኪሳችን የጨመርነው ገንዘብ ሥራ ነው።

ለምን አነሰ? 600 የምትጠጋ ክፍያ ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትገባ፣ በ6 በመቶ የምታስቀረው ወለድ 1.38 ነው። ያንን በየወሩ ለ30 ዓመት ብትደምሩት እንኳ 500 አካባቢ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ሁለት አማራጭ ሲቀርብላችሁ፣ ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ ወር ቀይሩ። አንዱ 1,199 ሌላው 1,299 ከሆነ፣ የምታወዳድሩት የክፍያ ድግግሞሽን ሳይሆን የክፍያ መጠንን ነው። እንደዚያ ያለውን ቁጠባ ለማግኘት የግድ በሁለት ሳምንት መክፈል አያስፈልግም። ደመወዛችሁ በወር ከሆነ በወሩ ላይ 100 ጨምሩ፣ አለቀ። ደመወዛችሁ በየሁለት ሳምንቱ የሚገባ ከሆነ ግን ክፍያውም አብሮ ቢሄድ ይመቻል። ይህ የምቾት ጉዳይ ነው።

ገንዘቡ መቼ ከዕዳው እንደሚቀነስ አለመጠየቅ

አንዳንድ አበዳሪ የመጀመሪያውን ግማሽ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ሲመጣ ነው አንድ ላይ የሚመዘግበው። በዚያ አሠራር ድግግሞሹ ያመጣ የነበረችው ትንሽ ጥቅምም የለችም። 13ኛው ክፍያ ከዋናው ገንዘብ ላይ ከተቀነሰላችሁ ግን ትልቁ ቁጠባ ይገኛል።

ማወቂያው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ በከፈላችሁ ማግስት ቀሪ ዕዳችሁን እዩ። በምሳሌያችን፣ ከ599.55 ውስጥ የመጀመሪያው የሁለት ሳምንት ወለድ 461.54 ነው። ቀሪው 138.01 ከዋናው ይቀነሳል። ዕዳው 199,861.99 ካላለና 200,000 ላይ ተገትሮ ካገኛችሁት፣ ገንዘቡ አልተመዘገበም።

ለዚህ አገልግሎት ተብሎ የሚጠየቅ ክፍያ ካለ ደግሞ ከዚያች 580 ጋር አወዳድሩት። በዓመት 20 እንኳ ቢሆን በ30 ዓመት 600 ነው። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት አለ ወይ ብሎ መጠየቅም አይረሳ።

ቀመሩን በማይሠራበት ብድር ላይ መጠቀም

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ነው። ወለዱ ገና ከመጀመሪያው በሙሉው ብድር ላይ ተሰልቶ ከዋናው ጋር ተደምሮ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። 10,000 ተበድራችሁ ለአንድ ዓመት 12 በመቶ በሙሉው ላይ ከታሰበ፣ የምትመልሱት 11,200 ነው። በወር 933.33፣ በሳምንት 215.38። በሳምንት ብትከፍሉ 1,200ው ወለድ አይቀንስም።

እንዲያውም ይብሳል። በወር የሚከፍለው ገንዘቡን እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠቀምበታል፤ በሳምንት የሚከፍለው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መመለስ ይጀምራል። ወለዱ እኩል ሆኖ ብሩ እጃችሁ ላይ የሚቆየው ላጠረ ጊዜ ስለሆነ፣ ብድሩ በተግባር የተወደደው በሳምንት ለሚከፍለው ነው። እንዲህ ዓይነት ውል ላይ ቀድሞ ለጨረሰ ሰው ወለድ ይቀነስለታል የሚል አንቀጽ ካላገኛችሁ፣ ክፍያውን በወር አድርጉልኝ በሉ።