የክፍል ፕሮግራም በጽሑፍ ብቻ ሲደርሳችሁ

ባሕር ዳር ያላችሁ ወላጆች፣ የልጆቻችሁ ፕሮግራም በቴሌግራም እንደ ደብዳቤ ተጽፎ ከመጣ ወደ ሰንጠረዥ ቀይሩት። ቀናቱ ወደ ጎን፣ ክፍለ ጊዜዎቹ ወደ ታች ይሁኑ።

ከሁሉ በፊት እረፍቱ ከስንተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ እንደሆነ ልጁን ጠይቁት። ከ3ኛው በኋላ ከሆነ፣ «ፊዚክስ ሰኞና ሐሙስ ከእረፍት መልስ ሁለት ተከታታይ» ማለት በሁለቱም ቀን 4ኛና 5ኛ ነው። አራት ሳጥን ይይዛል። «ሒሳብ ከረቡዕ በቀር በየቀኑ መጀመሪያ» ካለ ደግሞ የረቡዕን 1ኛ ሳጥን ክፍት ተዉት። ብዙ ሰው ሳያስበው ሒሳብ የሚሞላው እዚያ ነው።

ስትጨርሱ የየትምህርቱን ሳጥን ቁጠሩና ከጽሑፉ ጋር አስተያዩ። ሁለት ትምህርት አንድ ሳጥን ላይ ከተጋጨ በግምት አትምረጡ። ሁለቱንም ጽፋችሁ የክፍል ኃላፊ መምህሩን ጠይቁ።